መገረምና የግርምት ሰዋስው፦ «ለካ» እና «ኖሯል» ምን ይመሰክራሉ?

ሰው በየትኛውም ቋንቋ ይገረማል። ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ «እንዴ!» ይላል፣ ቃል ሳያወጣም ዓይኑን አፍጥጦ መገረሙን ያሳውቃል። ይህን የሚጠራጠር የለም። የሥነ ልሳን ሰዎችን ለዓመታት ያከራከረው ጥያቄ ከዚህ ጠበብ ይላል። ቋንቋ ያለፈውን ከሚመጣው፣ አንዱን ከብዙው፣ ወንዱን ከሴቷ በሰዋስው እንደሚለይ ሁሉ፣ «ይህን አላውቅም ነበር፤ ገና አሁን ደረስኩበት» የሚለውንስ መልእክት በሰዋስው ይለያል ወይ? ወይስ ግርምቱ የሚመጣው ከወሬው ይዘት፣ ከድምፁና ከሁኔታው ብቻ ነው?

በዘርፉ መጻሕፍት ጉዳዩ «ሚራቲቪቲ» ይባላል። በዚህ ጽሑፍ «የግርምት ምድብ» እለዋለሁ። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ጥያቄ ከሩቅ አገር ቋንቋ ብቻ መማር የለበትም፤ በየቀኑ የምንጠቀምባቸው «ለካ» እና «ኖሯል» ጥሩ መፈተኛ ናቸውና። ጥያቄው እነዚህ ቃላት ግርምትን ያመለክታሉ ወይስ ሌላ ነገር የሚል ብቻ አይደለም። መልሱን ከጽሑፍ አውጥቶ ለማሳመን ምን ዓይነት ማስረጃ ያስፈልጋል የሚለውም አብሮ ይነሳል። እንደ እኔ እምነት ብዙ ክርክር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ክርክሩ ከየት መጣ

ለግርምት የተለየ የግስ መልክ አለ የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ኦገስት ዶዞን እ.ኤ.አ. በ1879 ባሳተመው የአልባንኛ መማሪያ ውስጥ፣ ተናጋሪው ሲደነቅ የሚመጣ የግስ መልክ እንዳለ ጽፎ «የአድናቆት» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጥቶታል። ነገሩ የብዙ ቋንቋዎች ጥያቄ የሆነው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ አሜሪካዊው ስኮት ዴላንሲ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ጽሑፍ ነው። ዴላንሲ ቱርክኛን፣ ቲቤትኛን፣ በሰሜን ካናዳ የሚነገረውን ሄር የተባለ ቋንቋና ሌሎችንም ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ተናጋሪው አእምሮውን ሳያዘጋጅ የደረሰበትን አዲስ ነገር በሰዋስው ለይቶ መናገር በብዙ ቋንቋዎች የሚገኝ ምድብ ነው ሲል ተከራከረ።

ከሁሉ ግልጹ ማሳያ የቱርክኛው ነው። ቱርክኛ ያለፈን ነገር ለመናገር ሁለት የግስ መጨረሻዎች አሉት። በአንዱ ተናጋሪው ራሱ የሚያውቀውን ይናገራል። በሌላው፣ «ሚሽ» በሚለው መጨረሻ፣ ከሰው የሰማውን ወይም ከምልክት ተነሥቶ የገመተውን ይናገራል። እንዲህ ያለውን ሰዋስው የመረጃ ምንጭ አመልካች እንለዋለን፤ ወሬው ከየት እንደተገኘ ይነግረናልና። አይሃን አክሱ እና ዳን ስሎቢን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ግን እ.ኤ.አ. በ1982 አንድ የማይገጥም ነገር አሳዩ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ሥልጣን መልቀቁን ቱርኮች የሰሙት ከዜና ነው። የራሳቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ኤጄቪት ሥልጣን መልቀቁንም የሰሙት ከዜና ነው። የመጀመሪያውን ሲናገሩ ግን «ሚሽ» አልተጠቀሙም፤ የኒክሰን ነገር ሲጠበቅ የከረመ ስለሆነ አእምሯቸው ተዘጋጅቶ ነበር። ለኤጄቪት ግን «ሚሽ» ገባ፤ ያልታሰበ ዱብ ዕዳ ነበርና።

የዚህ ምሳሌ ጉልበት ያለው የመረጃ ምንጩ በሁለቱም በኩል አንድ በመሆኑ ላይ ነው። ምንጩ ካልተለወጠና ሰዋስው ግን ከተለወጠ፣ ለውጡን ያመጣው ሌላ ነገር መኖር አለበት። ይህ አካሄድ በአማርኛም እንደሚሠራ ወደኋላ እናያለን።

ተቃውሞው

እ.ኤ.አ. በ2012 ኔተን ሂል የተባለ የቲቤትኛ ተመራማሪ የግርምት ምድብ የሚባል ነገር የለም የሚል ጽሑፍ አወጣ። ዒላማው በተለይ የላሳ ቲቤትኛ ነበር። በዚያ ቋንቋ «አለ» ለማለት «ዮ» እና «ዱ» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉ። ሰው ስለ ራሱ ገንዘብ ሲናገር እንደ ወትሮው «ዮ» ይላል። ኪሱን ዳብሶ ያላሰበውን ገንዘብ ሲያገኝ ግን «ዱ» ይላል። ዴላንሲ በዚህ ተነሥቶ «ዱ» ግርምትን ያመለክታል ብሎ ነበር።

የሂል መልስ ቀላልና ከባድ ነው። «ዱ» የሚናገረው «በስሜት ሕዋሴ አረጋገጥኩ» የሚለውን ብቻ ነው አለ። ሰው የራሱን ገንዘብ መኖር ዘወትር የሚያውቀው ዓይቶ ወይም ዳብሶ አይደለም፤ ስለሆነም ስለ ኪሱ «ዓይቼ ደረስኩበት» ካለ፣ ሰሚው «እንግዲያው ቀድሞ አያውቅም ነበር» ብሎ ይደመድማል። ግርምቱ ከሰሚው ድምዳሜ የተወለደ እንጂ በቃሉ ውስጥ የተቀመጠ አይደለም። ለዚህም ነው ያው «ዱ» ስለ ሌላ ሰው ወይም ስለ አንድ ዕቃ ሲነገር ምንም ግርምት ሳይኖር የሚመጣው።

ይህ ክርክር በዚያው ዓመት ብዙ መልሶችን አስነሣ። ዴላንሲ ሌሎች ቋንቋዎችን ጠቅሶ አቋሙን ተከላከለ። አሌክሳንድራ አይኬንቫልድ ደግሞ «ግርምት» በሚለው አንድ ስም ሥር ድንገተኛ ግኝት፣ መደነቅ፣ ያልተዘጋጀ አእምሮ፣ ከተጠበቀው መቃረን እና አዲስ መረጃ የሚሉ አምስት ጉዳዮች ታጭቀው እንዳሉ ለይታ አሳየች። የሚገረመውም ተናጋሪው፣ ሰሚው ወይም በታሪኩ ውስጥ ያለው ገጸ ባሕርይ ሊሆን እንደሚችል ጨመረች። ይህ መለየት ወደ አማርኛ ስንመጣ እጅግ ይጠቅመናል።

ከሂል የሚወሰደው ትምህርት ምድቡ የለም የሚለው አይደለም። አንድ የሰዋስው መልክ በሚያስገርም ቦታ መገኘቱ ብቻውን ግርምትን ማመልከቱን አያረጋግጥም የሚለው ነው። በአውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠን «ሰውየው ሦስት ኪሎ ሥጋ ብቻውን በላ!» ብንል ሁሉም ይገረማል። «በላ» የሚለው ግስ ግን የግርምት ምልክት አይደለም። ግርምቱ ከሦስቱ ኪሎና ከድምፃችን መጣ። እንዲህ ያለው ግርምት የአነጋገር ዐውድ ሥራ ነው፤ ሰዋስው ያስቀመጠው አይደለም።

«ለካ» ሲፈተን

መጀመሪያ የቱርክኛውን ዘዴ እንጠቀምና የመረጃ ምንጩን እንፈትሽ። በሩን ከፍቼ ጓደኛዬን ሳየው «ለካ እዚህ ነህ!» እላለሁ፤ ይህ በዓይኔ ያየሁት ነው። ጠዋት መሬቱን ረጥቦ ሳገኘው «ለካ ሌሊት ዘንቧል» እላለሁ፤ ይህ ከምልክት የገመትኩት ነው። ጎረቤቴ ስትነግረኝ «ለካ ልጅቷ አግብታለች» እላለሁ፤ ይህ ከሰው የሰማሁት ነው። «ለካ» ሦስቱንም ያለ ምንም ችግር ተቀብሏል። ስለዚህ የመረጃ ምንጭ አመልካች አይደለም። ከቲቤትኛው «ዱ» የሚለይበት ዋና ነጥብ ይህ ነው።

ታዲያ ግርምትን ያመለክታል ማለት ነው? እዚህ ቸኩሎ «አዎ» ማለት ይቻላል፤ ግን ሁለት ተቃራኒ ሁኔታዎችን እንመልከት። በአንዱ ግርምቱ ትልቅ ነው፤ ዓይናችን እያየ የሸክላ ማሰሮ ከመደርደሪያ ወድቆ ይሰበራል። ሁላችንም እንደነግጣለን። «ውይ፣ ወደቀ!» እንላለን። «ለካ ወደቀ!» የሚል ግን የለም። ማሰሮው ማታ ወድቆ ጠዋት ስብርባሪውን ካገኘነው ግን «ለካ ወድቋል» ማለት እንችላለን። በሌላው ሁኔታ ግርምቱ ኢምንት ነው፤ የቀን መቁጠሪያውን ዓይቼ «ለካ ዛሬ ማክሰኞ ነው» እላለሁ። ማክሰኞ መሆኑ ማንንም አያስደንቅም፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን ፍጹም ጤነኛ ነው።

ከእነዚህ ሁለት ሁኔታዎች የሚወጣው ነገር፣ «ለካ» የግርምትን መጠን እንደማይከተል ነው። ታላቅ ድንጋጤ ባለበት ይቀራል፣ ድንጋጤ በሌለበት ይመጣል። የሚከተለው ሌላ ነገር ነው፦ ነገሩ እኔ ከማወቄ በፊት እውነት ሆኖ ቆይቷል፣ እኔ ግን የደረስኩበት አሁን ነው። ማሰሮው ዓይኔ እያየ ሲወድቅ እውነቱና ዕውቀቴ አንድ ላይ ተወለዱ፤ በመካከላቸው ክፍተት ስለሌለ «ለካ» ቦታ አላገኘም። የነገው ጉዞ እንኳ ቀድሞ የተቆረጠ ከሆነ «ለካ ነገ ትሄዳለህ!» ይባላል፤ ጉዞው ገና ቢሆንም ዕቅዱ ከዕውቀቴ ቀድሟልና።

ሦስተኛው ፈተና መሻር ነው። ከአነጋገር ዐውድ የሚመጣ ትርጉም ቀጥሎ በሚመጣ ቃል ሊሻር ይችላል፤ በቃሉ ውስጥ የተቀመጠ ትርጉም ግን ሲሻር ዓረፍተ ነገሩ እርስ በርሱ ይጋጫል። ድምፄን ከፍ አድርጌ «መጥቷል!» ካልኩ በኋላ «መምጣቱን እንኳ ቀድሞም አውቅ ነበር» ብል፣ ሰሚ ትንሽ ግር ቢለውም ሐሳቡ አይፋለስም። «ለካ መጥቷል፤ መምጣቱን ቀድሞም አውቅ ነበር» ማለት ግን አይሆንም። አሁን ደግሞ ይህን እንሞክር፦ «ለካ መጥቷል፤ እንደሚመጣ ጠብቄ ነበር፣ መድረሱን ግን አላወቅኩም።» ይህ ችግር የለውም። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ብዙ ይነግረናል። ሊሻር ያልቻለው አለማወቁ ነው። አለመጠበቁ ግን በቀላሉ ተሻረ። አይኬንቫልድ ከለየቻቸው አምስት ጉዳዮች ውስጥ «ለካ» የሚይዘው ግኝትን ነው ማለት ነው። መደነቁና ከተጠበቀው መቃረኑ ብዙ ጊዜ ከግኝት ጋር አብረው ስለሚሄዱ ብቻ የቃሉ ትርጉም መስለው ይታያሉ።

«ኖሯል»፦ ከቃል ወደ ሰዋስው

ይሁንና «ለካ» ራሱን የቻለ ቃል ነው። «ለካ መጥቷል» ይባላል፣ «መጥቷል ለካ» ይባላል፣ ጭራሽ ቢቀርም ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው። አንድ ቋንቋ ለግኝት ቃል ስላለው ብቻ የግኝት ሰዋስው አለው አይባልም። ወደ ሰዋስው የሚቀርበው ሌላው ነው፤ በ«ነው» እና በ«ነበር» ወንበር የሚቀመጠው «ኖሯል»።

«ሰውየው ሐኪም ነበር» እና «ሰውየው ሐኪም ኖሯል» የሚሉትን እናነጻጽር። የመጀመሪያው ያለፈ ነገር ይናገራል፤ «ድሮም አውቃለሁ» ብለን ብንቀጥል አይጋጭም። ሁለተኛው ግን «ሳላውቅ ቆይቼ ደረስኩበት» የሚል ትርጉም ይጨምራል፤ «ድሮም አውቃለሁ» ከተከተለው ይፋለሳል። እዚህ ላይ ልዩነቱን ያመጣው ረዳት ግሱ ነው፣ የተጨመረ ቃል የለም። በአካልም ይረባል፤ «አንተ ኖረሃል እንዴ!»፣ «እሷ ኖራለች» እንላለን። የሰዋስው ምድብ ከሚጠበቅበት ጠባይ ብዙውን ይዟል።

እዚህ ግን የሂል ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። «ዘንቦ ኖሯል» ስል ከርጥበቱ ተነሥቼ መገመቴ ነው። ታዲያ «ኖሯል» ከምልክት መገመትን የሚያመለክት፣ ማለትም የመረጃ ምንጭ አመልካች ቢሆንስ? ይህን ለማጣራት መገመት የሌለበት፣ በቀጥታ የተሰማ ነገር ያስፈልጋል። አንዲት እንግዳ ቀምሳ የማታውቀውን ወጥ ቀምሳ «ይሄ እንዲህ ጥሩ ኖሯል!» ብትል፣ ጣዕሙን ምላሷ ላይ አግኝታዋለች፤ የገመተችው የለም። ይህ የግምትን ሐሳብ ያዳክማል። ተከራካሪው ግን እዚህ አያቆምም። «ጣዕሙን አሁን ቀመሰች፤ ወጡ ከመቅመሷ በፊትም ጥሩ እንደነበር ግን ገመተች» ሊል ይችላል። ትክክለኛ ተቃውሞ ነው። «ኖሯል» ሁልጊዜ ቀድሞ የነበረ ነገር ስለሚፈልግና ቀድሞ የነበረውን ደግሞ ዘግይቶ የደረሰ ሰው በቀጥታ ስለማያየው፣ ግኝትንና ግምትን ፈጽሞ መነጠል ይከብዳል።

ብዙዎች የሚመኩበት ሌላ ፈተና አለ፤ ስለ ራስ መናገር። «ለካ እንቅልፍ ወስዶኝ ኖሯል»፣ «በሩን ሳልዘጋው ወጥቼ ኖሯል» ይባላል። ዐውቄ ሆን ብዬ ያደረግሁትን ግን፣ ካልረሳሁት በቀር፣ በ«ኖሯል» አልናገርም። ይህ ውብ ማስረጃ ይመስላል፤ ነገር ግን የቱርክኛው «ሚሽ» ም ስለ ራስ ሲነገር ልክ እንዲህ ያደርጋል። የግምት አመልካችም የግኝት አመልካችም በዚህ ፈተና አንድ ዓይነት ውጤት ስለሚሰጡ ሁለቱን አይለይልንም። ሁለቱ መላ ምቶች የተለያየ ትንበያ የማይሰጡበት ምሳሌ የቱንም ያህል ቢያምር ክርክሩን ወደፊት አያራምድም።

ከጽሑፍ እንዴት ይከራከሯል

እስካሁን ያየናቸው ምሳሌዎች በአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ላይ የቆሙ ናቸው። ጆሮ ያስፈልጋል፤ «ይህ አይባልም» የሚለውን ከጽሑፍ ማግኘት አይቻልምና። ጽሑፍ የተባለውን ብቻ ነው የሚያስቀምጠው። ነገር ግን ሰው ብቻውን ተቀምጦ የሚያስበው ምሳሌ ብዙ ጊዜ የሚያስደንቅ ምሳሌ ነው፤ ጽሑፍ ደግሞ ያልታሰበውን ተራ አጠቃቀም ያመጣል። ዘዴውን ለማሳየት ያህል ራሴ ያዘጋጀኋትን አጭር ተረት እንውሰድ። ስለ አማርኛ ምንም አታረጋግጥም፤ አንባቢ ምን መመልከት እንዳለበት ብቻ ታሳያለች።

«አንዲት ሴት ከገበያ ስትመለስ የቤቷን በር ክፍት አገኘችው። ሌባ የገባ መስሏት ጮኸች፤ ጎረቤትም ተሰበሰበ። አንድ ሽማግሌ ዱላውን ይዞ ወደ ውስጥ ዘለቀ። ለካ ጓዳ የተቀመጠው ከሦስት ዓመት በፊት የኮበለለው ልጇ ኖሯል። ልጁ ብድግ ሲል ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቅል ወደቀና ተሰበረ፤ ሽማግሌውም ደነገጠ። ሴትየዋ ደጅ ቆማ ትሰማ ኖሮ የልጇን ድምፅ ለየችው።»

ቸኩሎ የሚያነብ ሰው አራተኛውን ዓረፍተ ነገር ብቻ አንሥቶ «ይኸው፣ ኖሯል ግርምትን ያመለክታል» ይላል። ታሪኩ ሁሉ ግን ሦስት ነገር ይዟል። በልጁ መገኘት ላይ ግኝቱም አለ፣ «ኖሯል» ም አለ። በቅሉ መውደቅ ላይ «ደነገጠ» የሚል ግልጽ ምስክር እያለ «ኖሯል» የለም። በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ደግሞ «ኖሮ» አለ፤ የሚገረም ሰው ግን በታሪኩ ውስጥ የለም። ሴትየዋ እየሰማች እንደሆነ ራሷ ታውቃለች፤ ነገሩ አዲስ የሆነው እስካሁን ላልተነገረን ለእኛ ለአንባቢዎች ነው።

ከዚህ የመጀመሪያው ሕግ ይወጣል፦ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ «ማን ነው ያላወቀው?» ብሎ መጠየቅ። ተረት ነጋሪው ተረቱን ከዳር እስከ ዳር ያውቀዋል፤ ስለዚህ የእሱ ግርምት ሊሆን አይችልም። የገጸ ባሕርይው ወይም የአድማጩ ነው። ሁለቱን ለመለየት ወደኋላ ማንበብ ነው። ተራኪው የልጁን መመለስ ቀደም ብሎ ነግሮን ቢሆን ኖሮ፣ በአራተኛው ዓረፍተ ነገር የቀረው ያላወቀ ሰው ሽማግሌው ብቻ ይሆን ነበር። እንዲህ ያለ ቦታ በእውነተኛ ጽሑፍ ውስጥ ከተገኘ የገጸ ባሕርይን ግኝት ለብቻው ያሳየናል። አደጋው ግን እዚሁ አለ። ከሦስቱ ሰዎች አንዱ ሁልጊዜ አላዋቂ ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል፣ ተመራማሪው እንደ አመቺነቱ አንዴ ገጸ ባሕርይውን፣ አንዴ አንባቢውን እየጠራ ማንኛውንም ምሳሌ «ግርምት ነው» ሊል ይችላል። ሊሸነፍ የማይችል መላ ምት ደግሞ ምንም አይነግረንም። ስለዚህ የማን አለማወቅ እንደሚቆጠር ከመቁጠር በፊት መወሰን አለበት።

ሁለተኛው ጥንቃቄ መልኩን ራሱን ማጥራት ነው። «አዲስ አበባ ኖሯል» ሲባል መኖር የሚለው ዋናው ግስ ነው፤ ከቆጠራው ይወጣል። «ቢመጣ ኖሮ» ያልሆነን ነገር የሚያስብ ሌላ አገባብ ነው፤ እሱም ይወጣል። ከላይ የጻፍኩት «ነግሮን ቢሆን ኖሮ» ከዚሁ ወገን ነው። እነዚህን ሳይለይ በኮምፒዩተር ፈልጎ የሚቆጥር ሰው የሚያገኘው ቁጥር የሦስት የተለያዩ ነገሮች ድምር ይሆናል።

ሦስተኛው ክብ ከሆነ ክርክር መውጣት ነው። «ኖሯል» ን ባየሁበት ሁሉ ዐውዱን «አስገራሚ» ብዬ ከመዘገብኩ፣ አስገራሚ ያልኩት ቃሉን ስላየሁ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ቃሉን መሸፈን ነው። በየቦታው «ኖሯል»፣ «ነበር» እና «ነው» የሚሉትን አጥፍቶ፣ ጥናቱን ለማያውቅ ሌላ አማርኛ ተናጋሪ መስጠትና «እዚህ ላይ ያላወቀ ሰው ደርሶበታል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። «ለካ» ካለበት እሱም መሸፈን አለበት፤ አለበለዚያ መልሱን ሹክ ይለዋል። ከዚያ በኋላ የተሸፈነው ተገልጦ ከፍርዱ ጋር ይነጻጸራል።

አራተኛው፣ ከሁሉም የሚዘነጋው፣ በሁለቱም አቅጣጫ መቁጠር ነው። አሁን የምሰጣቸው ቁጥሮች ለማስረዳት የታሰቡ ናቸው። በአንድ የተረት ስብስብ 60 «ኖሯል» አግኝተን 45ቱ አስገራሚ ቦታ ላይ ቢሆኑ፣ ከመቶ 75 ማለት ነው። ያሳምናል። በሌላው አቅጣጫ ስንቆጥር ግን በስብስቡ ውስጥ 300 አስገራሚ ቦታዎች ቢኖሩና «ኖሯል» የመጣው በ45ቱ ብቻ ቢሆን፣ ከመቶ 15 ብቻ ነው። ተረት እኮ በባሕርይው አስገራሚ ነገር የሞላበት ነው፤ የትኛውም የግስ መልክ በተረት ውስጥ ቢቆጠር ከግርምት አጠገብ መገኘቱ አይቀርም። አሁን ጥያቄውን እናጥብበው። ከ300ው ውስጥ «ቀድሞ የነበረ ነገር ዘግይቶ ተደረሰበት» የሚባሉት 55 ቢሆኑና 45ቱ «ኖሯል» በእነዚህ ውስጥ ቢገኙ፣ ከመቶ 82 ገደማ ይሆናል። የቀሩት 245 ቦታዎች፣ እንደ ቅሉ መውደቅ ያሉት፣ ግርምት ቢኖርባቸውም «ኖሯል» አልጠሩም። ሰፊው መላ ምት ሲወድቅ ጠባቡ ቆመ ማለት ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው «ኖሯል» ን በመፈለግ ብቻ መሆን የለበትም። «ደነገጠ»፣ «ተገረመ»፣ «አፉን ያዘ»፣ «ማመን አቃተው» የሚሉትን ፈልጎ፣ ያስደነገጠው ነገር በምን ዓይነት ግስ እንደተነገረ ማየትም ያስፈልጋል። ግርምት ያለበትና መልኩ የሌለበት፣ እንዲሁም መልኩ ያለበትና ግርምት የሌለበት ቦታ ነው ትርጉሙን ለይቶ የሚያሳየው። ሁለቱ የተገናኙበት ቦታ፣ የቱንም ያህል ቢበዛ፣ ግርምት በሰዋስው ውስጥ ነው ለሚለውም በዐውዱ ውስጥ ነው ለሚለውም እኩል ይመሰክራል።

የጽሑፉ ዓይነትም መመዘን አለበት። ተረት፣ ልብ ወለድ፣ የፍርድ ቤት ቃልና ዜና አንድ አይደሉም። ዜና «ለካ» ን የሚሸሸው ጋዜጠኛው ስለማይደነቅ ሳይሆን የራሱን አለማወቅ የዜናው አካል ማድረግ ስለማይፈቀድለት ነው። በተረት ብቻ የታየ ጠባይ የተረት አነጋገር ልማድ ሊሆን ይችላል። በሰዎች የዕለት ንግግርም ከተደገመ ግን የቋንቋው ሰዋስው ነው ለማለት መሠረት ይሰጣል።

እስከየት መሄድ እንችላለን

ከላይ ካየናቸው ፈተናዎች ተነሥቼ የምደፍረው ድምዳሜ ይህ ነው። «ለካ» የዘገየ ግኝትን የሚናገር ቃል ነው፤ የመረጃ ምንጭም የግርምት መጠንም አይወስነውም። «ኖሯል» ያንኑ ትርጉም ወደ ረዳት ግስ ደረጃ ያደረሰ መልክ ነው፤ ነገር ግን ከግምት ፈጽሞ ተነጥሎ መቆሙ ገና አልተረጋገጠም። ሁለቱም በሰፊው ትርጉም የግርምት ሰዋስው አይደሉም። መደነቃችንን በድምፃችን፣ በ«እንዴ» እና በወሬው ይዘት እንገልጻለን፤ ያም የዐውዱ ሥራ ነው።

ይህን ድምዳሜ የሚያፈርሰው ምን እንደሆነም መናገር ይቻላል። ተናጋሪው ዓይኑ እያየ የተጀመረን ድርጊት በ«ኖሯል» የሚናገርበት እውነተኛ ጽሑፍ ወይም ንግግር ከተገኘ፣ ቀድሞ መኖር ግዴታ ነው ያልኩት ይወድቃል፤ ያን ጊዜ «ኖሯል» ከግኝት አልፎ ወደ ግርምት ራሱ ተሸጋግሯል ማለት ነው። በተቃራኒው፣ በቀጥታ ባየናቸውና በቀመስናቸው ነገሮች ላይ «ኖሯል» በጽሑፍ ፈጽሞ የማይመጣ ከሆነ፣ የግምት አመልካች ነው የሚለው ያሸንፋል። ሁለቱም ሊፈለጉ የሚችሉ ነገሮች ናቸው። በጎጃም፣ በወሎ፣ በጎንደር ወይም በሸዋ አነጋገር መካከል ልዩነት ቢኖር ደግሞ፣ አንዱ አካባቢ ከግምት ወደ ግኝት የሚወስደውን መንገድ ከሌላው ቀድሞ ተጉዞ ሊሆን ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ንግግሩ እንደተነገረ የተቀዳ፣ ከዳር እስከ ዳር የተጻፈና «ማን ነው ያላወቀው?» የሚለውን ለመመለስ የሚያስችል ሙሉ ዐውድ ያለው ጽሑፍ ነው። ከዐውዱ ተቆርጦ የወጣ ዓረፍተ ነገር፣ «ለካ» ም ቢኖርበት፣ ይህን ክርክር ሊዳኝ አይችልም።